ማብራሪያ ዘጠኝ

ስለ ሒሳብ ሹሙ የምታውቀው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። ከሃያ ዓመት በፊት በማታ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሒሳብ አያያዝ አስተምረዋታል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሳቸው «ሥራ እንዴት ነው ልጄ?» ይሏታል፣ እሷም «ተመስገን ጋሼ» ትላቸዋለች፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የላቸውም። ትዳር ይኑራቸው፣ ልጅ ይውለዱ አይውለዱ አታውቅም። ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ትዝ የሚላት እጅጌያቸው ላይ የማይጠፋው የጠመኔ ዱቄት ነው፤ አንዱ ለቅርብ አንዱ ለሩቅ የሆኑት ሁለት መነጽሮቻቸው ናቸው፤ ደግሞም ለልምምድ የፈጠሩት «የአቶ ማንም ድርጅት»። አቶ ማንም አንድ ሳምንት ሳሙና ይሠራል፣ ሌላ ሳምንት የጭነት መኪና ያሰማራል፤ ሁልጊዜ ግን ዕዳ አለበት፣ ሁልጊዜም ደህና ነኝ ይላል። የተማሪዎቹ ሥራ አቶ ማንም ደህና አለመሆኑን ማሳየት ነበር።

ስለዚህ ታሪኩ የእሳቸው ቢሆንም የሚነገረው እሷ ካየችው ተነስቶ ነው። ያየችውም ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

እሷ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የብድር ተንታኝ ናት። ብድር የጠየቀ ድርጅት ሒሳቡን ያቀርባል፤ እሷ አንብባ፣ ምጣኔዎቹን አስልታ፣ «ይሰጠው» ወይም «አይሰጠው» ብላ ትፈርማለች። በቢሮው ስሟን የሚጠራት ሰው የለም። አንድ ጊዜ ኮማ ያለቦታው ገብቷል ብላ አንድ ፋይል ሦስቴ ስለመለሰች «ኮማ» ብለዋት ቀረች። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር «እትዬ ኮማ፣ እግርዎን ያንሱልኝ» ትላታለች።

ረቡዕ ከምሳ መልስ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አንድ ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ ዘጭ አደረገ። ሁለቱ በአንድ ዓመት የተቀጠሩ ስለሆኑ «አንተ» «አንቺ» ነው የሚባባሉት።

«የጫማ ፋብሪካው ነው። አሥራ አምስት ሚሊዮን፣ ለቆዳ መግዣና ለሶል መጭመቂያ ማሽን። ነገ አራት ሰዓት የብድር ኮሚቴ ይገባል።»

«ነገ? ዛሬ ሰጥተኸኝ?»

«እናቴ፣ ሩብ ዓመቱ ሊዘጋ ነው። የቅርንጫፉን የብድር ዕቅድ ታውቂዋለሽ። ባለቤቱም ብድሩ ካልወጣ መቶ አርባ ሠራተኛ ወደ ቤቱ እሰዳለሁ ብሏል። ኮማ እየፈለግሽ እንዳታመሺበት።»

ፋይሉን ከፈተች። ሁለት ገጽ ነው፤ አንዱ የሀብትና ዕዳ መግለጫ፣ ሌላው የትርፍና ኪሳራ መግለጫ። ኦዲተር ገና ያላየው፣ ፋብሪካው ራሱ ያዘጋጀው ነው። ከታች «አዘጋጅ» በሚለው ቦታ ያለውን ፊርማ አየችና ፈገግ አለች። በፈተና ወረቀቷ ላይ ስንቴ አይታዋለች! የማታ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሒሳብ ሹሙ ጫማ ፋብሪካ ገብተዋል ሲባል ሰምታ ነበር።

ሥራዋን ጀመረች። ባንኩ ኮምፒውተር ላይ ያለ ቅጽ አለው፤ ቁጥሩን ስታስገባለት ምጣኔውን ራሱ አስልቶ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ያበራል። ጥሬ ገንዘብ ሁለት ሚሊዮን፣ ከደንበኞች የሚሰበሰብ አሥር፣ መጋዘን ያለ ዕቃ አሥራ ስምንት፤ በዓመት ውስጥ ገንዘብ ይሆናል የሚባለው ሀብት በድምሩ ሠላሳ ሚሊዮን። ሕንፃና ማሽን ሌላ ሠላሳ። በዕዳው በኩል ለአቅራቢዎች አሥራ ሁለት፣ ለባንክ የአጭር ጊዜ ብድር አራት፣ ያልተከፈለ ግብር ሁለት፤ በዓመት ውስጥ የሚጠየቀው ዕዳ አሥራ ስምንት። ከዚያ የረጅም ጊዜ ብድር አሥራ ስምንት ሚሊዮን። የባለቤቱ የራሱ ድርሻ ሃያ አራት።

ሠላሳ ለአሥራ ስምንት ሲካፈል አንድ ነጥብ ስድስት ሰባት። ባንኩ የሚፈልገው ከአንድ ተኩል እንዳያንስ ነውና አረንጓዴ። ጠቅላላ ዕዳው ሠላሳ ስድስት ለባለቤቱ ሃያ አራት ሲካፈል አንድ ተኩል፤ ከሁለት እስካልበለጠ ደህና ነው፣ አረንጓዴ። የተጣራ ትርፍ አራት ነጥብ ሁለት ሚሊዮን ከሰማንያ ሚሊዮን ሽያጭ፣ በመቶ አምስት ከሩብ፤ አረንጓዴ።

አተመችው፣ ፈረመችበት። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና ከእጇ ነጠቅ አድርጎ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ለኮሚቴው ጸሐፊ ይዞት ሄደ። «ዛሬስ ቀናሽ!» አላት በደረጃው ላይ።

ይህን ጊዜ እርሳስ አነሳች። ቅጹ የማይጠይቀውን አንድ ነገር በእጇ ማስላት ልማዷ ነበር። ትርፍና ኪሳራው ላይ የወለድ ወጪ ሦስት ሚሊዮን ይላል። ወለድ የሚከፈልበት ዕዳ የረጅም ጊዜው አሥራ ስምንትና የአጭር ጊዜው አራት፣ ሃያ ሁለት ሚሊዮን ነው። ሦስት ለሃያ ሁለት፣ በመቶ አሥራ አራት ሊሞላ ምንም አይቀረው። እርሳሱን አቆመችው። ረጅም ብድር በዚያ ወቅት በመቶ አሥራ አንድ፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ነው። አሥራ አራት የሚከፈለው ቶሎ ለሚመለስ ብድር ነው። ታዲያ ረጅም የተባለው ብድር የአጭር ብድር ዋጋ ለምን ይከፍላል?

ገጹን ገለበጠች። ከመግለጫው ጀርባ ሊኖር የሚገባው የማብራሪያ ገጽ የለም።

ወደ መዝገብ ቤት ወረደች። መዝገብ ያዡ ወፍራም ቀልደኛ ሰው ነው፤ ብስኩት እያኘከ ነበር።

«የጫማ ፋብሪካው ገጽ ሦስትና አራት የት ሄደ?»

«ማብራሪያው? ማን ያነበዋል ብዬ! የማሽኑ ቀለም እያለቀ ነው፤ አለቃም ዋና ዋናውን ብቻ ኮፒ አድርግ ብሎኛል።»

«ዋናውንና ያልዋናውን አንተ ነህ የምትለየው?»

«በቁጥር የተሞላው ዋና፣ በጽሑፍ የተሞላው ያልዋና» አለና ዋናውን ፋይል ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን በክንዱ ጠረገላት። «ይኸውልሽ፣ ለንባብ ይሁንሽ።»

እዚያው ቆማ አነበበችው። በመግለጫው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ማብራሪያ አንድ፣ ማብራሪያ ሁለት እያለ ይዘረዝራል። ዘጠነኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ «የረጅም ጊዜ ብድር አሥራ ስምንት ሚሊዮን። ከዚህ ውስጥ አሥራ ሁለት ሚሊዮኑ ከዚህ መግለጫ ቀን ጀምሮ በስምንት ወር ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። አበዳሪው ቀኑን ለማራዘም የተፈራረመው የጽሑፍ ስምምነት እስከዛሬ የለም።»

 በስምንት ወር የሚጠየቅ ዕዳ፣ ስሙን ረጅም ብለው ቢጠሩትም፣ የዘንድሮ ዕዳ ነው። አሥራ ሁለቱን ከረጅሙ አውጥታ ወደ አጭሩ አዛወረች። የአጭር ጊዜው ዕዳ ከአሥራ ስምንት ወደ ሠላሳ ወጣ። ሠላሳ ለሠላሳ፣ ልክ አንድ። በመጋዘን ያለው ዕቃ ቶሎ ካልተሸጠ ደግሞ የሚቀረው ጥሬ ገንዘቡና የሚሰበሰበው፣ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ነው፤ ለሠላሳ ሲካፈል ዜሮ ነጥብ አራት። ለሚጠየቀው ለእያንዳንዱ አሥር ብር እጅ ላይ ያለው አራት ብር ነው ማለት ነው።

ማብራሪያ አሥራ ሁለትም አላስደሰታትም። በትርፉ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን «ሌላ ገቢ» አለ፤ አሮጌ መጋዘን ተሸጦ የተገኘ ነው። መጋዘን በየዓመቱ አይሸጥም። ያንን ብትቀንሰው፣ ከግብር በኋላ የሚቀረው ትርፍ ከአራት ነጥብ ሁለት ወደ ሁለት ነጥብ አንድ ሚሊዮን ወረደ። ከመቶ ሽያጭ አምስት ሳይሆን ሁለት ከምናምን።

እሷ ግን ፈርማለች። ፊርማዋም ላይኛው ፎቅ ላይ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ስትገባ ስልክ ላይ ነበር። ጨርሶ ፊቷን ሲያይ «ኮማ ጠፋ?» አላት።

«ፊርማዬን መልስልኝ።»

ወረቀቱን ዘርግታ አስረዳችው። ሰምቷት ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ፣ ቅጹ አረንጓዴ ብሏል። አንቺም ፈርመሻል። ማብራሪያው ከሠነዱ ጋር አልነበረም፤ ነገ አንድ ሰው ቢጠይቅሽ አላየሁትም ትያለሽ፣ እውነትም ነው፣ አላየሽውም ነበር።»

«አሁን ግን አይቻለሁ።»

«ማን አየሽ ስታይ?»

«መዝገብ ያዡ። ብስኩት እየበላ።»

ሊስቅ ፈለገና ተወው። «ነገ ኮሚቴ ፊት ፊርማዬን አነሳለሁ ብትዪ የምትዋረጂው አንቺ ነሽ። ሳታነብ የፈረመች ተንታኝ ነው የሚሉሽ። እኔ አልከለክልሽም፤ ግን አስቢበት።»

እውነቱን ነው፣ ሳታነብ ፈርማለች። እሷን የሚያቃጥላትም እሱ ነበር።

የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ወደ ፋብሪካው ሄደች። ተንታኝ የተበዳሪን ቦታ ማየት መብቷ ነው። የማጣበቂያ ሽታ ከበሩ ጀምሮ ይቀበላል። በረጅሙ አዳራሽ ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው የጫማ ፊት ይሰፋሉ፤ የማሽኖቹ ድምፅ ወለሉን ያንዘረዝረዋል። አንዷ ቀና ብላ አየቻትና ጎረቤቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት፤ «ከባንክ ናት» ሳትላት አልቀረችም። ኮማ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ሒሳብ ሹሙ በደረጃ ሥር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ናቸው። ከወንበሩ ለመነሳት ጠረጴዛውን መግፋት ያስፈልጋል። አርጅተዋል። ሲያዩዋት አልተገረሙም፤ ወረቀት የተከመረበትን ወንበር ነጻ አደረጉላት።

«ሥራ እንዴት ነው ልጄ?»

«ጋሼ፣ የሥራ ነገር ነው ያመጣኝ። ማብራሪያ ዘጠኝን አንብቤዋለሁ።»

«ጥሩ» አሉ።

«አሥራ ሁለቱ ሚሊዮን በመግለጫው ፊት ለፊት ገጽ ላይ በረጅም ጊዜ ብድር ውስጥ ነው ያለው።»

«እዚያ ነው ያለው።»

«ቦታው እንዳልሆነ እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሀብት ስትቆጥሪ መቼ ገንዘብ ይሆናል በይ፣ ዕዳ ስትቆጥሪ መቼ ይጠየቃል በይ፣ ስሙን ተይው ብለውኛል።»

ሒሳብ ሹሙ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በሩ ተከፈተ። የፋብሪካው ባለቤት ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሸሚዙን እስከ ክርኑ የጠቀለለ። የባንኩን ሰው መምጣት ሰምቶ እየተቻኮለ ነው የመጣው።

«እንኳን ደህና መጣሽ! ምን ጎደለ? ቅጹ አልፏል ብለውኛል እኮ።»

ቅጹ ማለፉን ማን ነገረው ብላ አሰበች፤ አልጠየቀችም። «አሥራ ሁለቱ ሚሊዮን በስምንት ወር ውስጥ የሚከፈል ነው። ያ ደግሞ የአጭር ጊዜ ዕዳ ነው።»

«አበዳሪው አብሮ አደጌ ነው። ያራዝምልኛል። በአፉ ነግሮኛል።»

«እኔ ታዲያ አፉን በየትኛው መስመር ላይ ልጻፈው?»

ባለቤቱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። ስምንት ወር የሚለውን ከየት እንዳገኘችው ሲገባው ወደ ሒሳብ ሹሙ ዞረ።

«አንተ ሽማግሌ! ያንን ነገር ከኋላ ለጥፈህ ነው የሰጠኸኝ? እንዲቀር ተነጋግረን አልነበረም?»

«ከፊት ለፊቱ ገጽ እንዲቀር ነው የተነጋገርነው» አሉ ሒሳብ ሹሙ፤ ድምፃቸው አልጨመረም አልቀነሰም። «እሱ እርስዎ እንዳሉት ሆኗል። ማብራሪያውን በተመለከተ አልጠየቁኝም።»

«አልጠየቅኩህም! ቀልደኛ ሆንክብኝ!» ባለቤቱ በእጁ ግድግዳውን መታ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በሚለምን ድምፅ፣ «እህቴ፣ ውጭ ያሉትን አይተሻቸዋል? አብዛኞቹ የልጆች እናት ናቸው። ይህ ብድር ካልወጣ ቆዳ አልገዛም፤ ቆዳ ካልገዛሁ ከሁለት ወር በኋላ በሩን እዘጋለሁ። ለአንድ መስመር ብለሽ?»

እሷ ግን ማስታወሻዋን ይዛ ተነሳች። ዕቃ ማከማቻውን አይታ ሄደች። አሥራ ስምንት ሚሊዮን ከሚያወጣው ዕቃ ውስጥ ሲሶ ያህሉ ፋሽኑ ከሦስት ዓመት በፊት የቀረ ሹል አፍንጫ ጫማ ነው፤ አቧራ ለብሶ ተደርድሯል። ሲሶው ስድስት ሚሊዮን ይሆናል ብላ በማስታወሻዋ ጻፈች።

ቤቷ ስትገባ ባሏ ከጋራዥ መጥቶ እጁን በሳሙና እያሸ ነበር፤ ልጃቸው ሳሎን የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ኮማ ከልጇ ደብተር መጨረሻ ቅጠል ቀደደችና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ደብተሬን!»

«አንድ ቅጠል ነው፣ ዝም በይ።»

ባሏ ከኋላ ቆሞ አየ። «ምንድን ነው?» ነገረችው። ለእሱ መንገር ትወዳለች፤ የሒሳብ ሰው ስላልሆነ የሚጠይቀው ሞኝ የሚመስል ጥያቄ ይጠቅማታል።

«መቶ አርባ ሰው ለአንድ ቁጥር?» አለ።

«አንተም ጀመርክ!»

«አይ፣ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። አሥራ አምስቱን ብትሰጡት አሥራ ሁለቱን ለዚያ ሰው ሊከፍል ነው አይደል? ቆዳው በምን ይገዛል?»

እርሳሷ ቆመ። ሥራ አስኪያጁም፣ ቅጹም፣ እሷም ይህን አልጠየቁም። ቅጹ ያለውን እንጂ የሚመጣውን አይመለከትም። አሥራ አምስቱ ሲጨመር ጠቅላላ ዕዳው ሃምሳ አንድ ሚሊዮን ይሆናል፤ ለሃያ አራት ሲካፈል ሁለት ነጥብ አንድ። ሁለትን አልፏል። ከዋናው ሥራ የሚገኘው ትርፍ ወለድና ግብር ሳይቀነስበት ስድስት ሚሊዮን ነው፤ የአሁኑ ወለድ ሦስት ስለሆነ ሁለት እጥፍ ይሸፍነዋል። በአዲሱ ብድር ላይ በመቶ አሥራ ሁለት ወለድ ሲጨመር አራት ነጥብ ስምንት ይሆናል፤ ስድስቱ ያንን የሚሸፍነው አንድ ከሩብ ጊዜ ብቻ ነው። ባንኩ ቢያንስ አንድ ተኩል ይላል።

«እንቢ ማለት ነው ያለብኝ» አለች።

«እንቢ ብቻ?» አለ ባሏ ፎጣ እየፈለገ። «መኪና ሞተሩ ሞቷል ብዬ ብመልስ ሰውዬው ምን ያደርጋል? ምን ቢቀየር ይሄዳል ነው የሚለኝ።»

ሁለተኛ ቅጠል ቀደደች። ልጇ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሐሙስ አራት ሰዓት። የኮሚቴው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ። ሰብሳቢዋ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ስትናገር መነጽሯን ታወልቃለች። ሥራ አስኪያጁ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ ኮማን አላያትም።

«ጫማ ፋብሪካ» አለች ሰብሳቢዋ። «ሦስት አረንጓዴ፣ የተንታኝ ፊርማ። ጥያቄ የሌለበት ይመስላል።»

«አለ» አለች ኮማ።  «ፊርማዬን አነሳለሁ።»

 ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ትናንት ፈርመሽ ዛሬ?»

«ማብራሪያውን ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ስህተቱ የእኔ ነው።» ይህን ካለች በኋላ ቀሪው ቀለላት። ወረቀቱን አዞረችላቸው፦ ፊት ለፊት አንድ ነጥብ ስድስት ሰባት፤ አሥራ ሁለቱ ቦታው ሲገባ አንድ፤ ዕቃው ሲወጣ ዜሮ ነጥብ አራት፤ ብድሩ ሲጨመር ሁለት ነጥብ አንድ፤ የመጋዘኑ ሽያጭ ሲቀነስ የትርፉ ግማሽ።

አንደኛው የኮሚቴ አባል፣ ጎልማሳ ሰው፣ ተቀየማት። «እኛ እዚህ ተሰብስበን ጊዜያችንን ስናጠፋ...»

«ትጨርስ» አለች ሰብሳቢዋ።

«ሌላ መንገድ አለ» አለች ኮማ፤ ከልጇ ደብተር የተቀደደውን ቅጠል አወጣች፤ ከኋላው የማባዛት ሠንጠረዥ ነበረበት፣ ማንም አልሳቀም። «አበዳሪው አሥራ ሁለቱን በአራት ዓመት ለመቀበል በጽሑፍ ይፈርም። ያኔ በዓመት የሚጠየቀው ሦስት ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። እኛ አሥራ አምስት ሳይሆን ስድስት እንስጥ፣ ለቆዳ ብቻ፣ በሦስት ዓመት የሚመለስ፤ ከእሱም የመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሚሊዮን ነው። የአጭር ጊዜ ዕዳ አሥራ ስምንት፣ ሦስትና ሁለት፣ ሃያ ሦስት። ሀብቱ ሠላሳና የቆዳው ስድስት፣ ሠላሳ ስድስት። አንድ ነጥብ አምስት ሰባት።»

«ዕዳ ለባለቤት ድርሻ?»

«አርባ ሁለት ለሃያ አራት። አንድ ነጥብ ሰባት አምስት። ትርፉ ደግሞ ወለዱን አንድ ነጥብ ስድስት ጊዜ ይሸፍናል።»

«የቆመው ጫማስ?» አለች ሰብሳቢዋ። «ማስታወሻሽ ላይ ሲሶው ቆሟል ብለሻል።»

ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። «ያንን ስድስት ሚሊዮን ብናወጣው አንድ ነጥብ ሦስት ነው የሚሆነው። አያልፍም። ባለቤቱ በቅናሽ ሸጦ ወደ ጥሬ ገንዘብ እንዲለውጠው ሌላ ግዴታ እናስቀምጥበት እላለሁ። ግን አላስተማምንም። የማየውን ነው የምነግራችሁ።»

ሰብሳቢዋ ወረቀቱን አየች። ጠረጴዛውን በእስክርቢቶዋ አንኳኳች።

«ፋይሉ ይመለስ» አለች በመጨረሻ። «የተፈረመ የማራዘሚያ ውል ይዞ ይምጣ፤ የቆመውንም ጫማ በቅናሽ ያውጣ። ያኔ ስድስቱን እናያለን። አሥራ አምስቱ ተከልክሏል።»

ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ ቀደማት። «ዕቅዴን ቀበርሽው» አለ። ከዚያ ጥቂት ሄዶ ዞሮ፣ «አንድ ነጥብ አምስት ሰባት፣ ትናንት ማታ ነው ያሰላሽው?» አላት። «ባሌ ነው» አለች፣ ግማሽ እውነቱን።

ከዚያ በኋላ ያለው በወሬ ነው የመጣላት። ባለቤቱ ለሦስት ቀን ተሳድቦ በአራተኛው ቀን አብሮ አደጉን ይዞ ውል ፈረመ፤ ሹል አፍንጫውን ጫማ በግማሽ ዋጋ አወጣው። ስድስቱ ሚሊዮን በአምስተኛው ሳምንት ተለቀቀ። መቶ አርባው ሠራተኛ አልተበተነም። የተሰናበተ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መዝገብ ያዡ ነው የነገራት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ። «ሒሳብ ሹሙን አሰናበታቸው። በዚያው ቀን፣ ውሉ በተፈረመ ዕለት።»

ያንን ሌሊት አልተኛችም ቢባል ውሸት ነው፤ ተኝታለች። ግን በየቀኑ ጠዋት ያች በደረጃ ሥር ያለች ክፍል ትመጣባታለች። ሒሳብ ሹሙ በተሰናበቱ በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ፈልጋ አገኘቻቸው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ካለ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ተከራይተው ለትንንሽ ነጋዴዎች የግብር ማስታወቂያ ቅጽ ይሞላሉ። ከፊታቸው አራት ሰው ተሰልፏል። እሷም ተሰለፈች፤ ተራዋ እስኪደርስ አላዩዋትም።

«አንቺ ነሽ? ሥራ እንዴት ነው ልጄ?»

«ጋሼ፣ በእኔ የተነሳ ነው...»

«አይደለም። ሰው ሥራ ይለቃል፣ ይይዛል። ፋብሪካው እየሠራ ነው አይደል?»

«እየሠራ ነው።»

«እሱ ነው ዋናው። ሂጂ አሁን፣ ሰው ቆሟል።»

አልሄደችም። ከኋላዋ ያለው ፀጉር አስተካካይ «እትዬ፣ ቶሎ በይልን እንጂ» አላት፤ አልሰማችውም። ለሦስት ሳምንት የተሸከመችውን ጥያቄ አወጣችው።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ፊት ለፊቱን አላስተካከሉም፣ ፈርመውበታል። ከኋላ ግን እውነቱን ጻፉ። ፋይሉ በእኔ እጅ እንደሚያልፍ ያውቁ ነበር። ማብራሪያ ዘጠኝን የጻፉት እኔ እንዳነበው ነው፣ ወይስ ማንም አያነበውም ብለው፣ ለራስዎ ጽፌዋለሁ ለማለት ብቻ?»

ሒሳብ ሹሙ እስክርቢቶውን ዘጉ፣ ከፈቱ። ቀና ብለው አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ ቁጣም ሐዘንም አላገኘችም።

«ይህን አልመልስልሽም» አሉና ፀጉር አስተካካዩን በእጃቸው ጠሩት።